«የቀረው ለባለቤቴ ይሁን»

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 64 ነው። ከባለቤቴ ጋር 29 ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ልጅ አልወለድንም። እህቴ ስትሞት ልጇ ገና 9 ዓመቱ ነበር። እኛው ጋር አድጎ ዛሬ 31 ዓመት ሞልቶታል፤ ለእኔ ልጄ ነው። ከእሱ ሌላ፣ ዓይነ ስውራን ልጆችን የሚያስተምር አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ለብዙ ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ አገልግየዋለሁ፤ ስሞት ከእኔ የሚደርሰው ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ።

በቅርቡ ኑዛዜ አረቀቅሁ። ቤታችን ለእህቴ ልጅ፣ ከባንክ ገንዘቤ ቁርጥ ያለ መጠን ለድርጅቱ፣ የቀረው ሁሉ ለባለቤቴ ይሁን ብያለሁ። ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ከቤቱ እንደማያስወጣት የእህቴ ልጅ ቃል ገብቶልኛል፤ አምነዋለሁ። ለእሷ ግን ምንም አልነገርኳትም። ባለፈው ሳምንት ስለ ሌላ ነገር ስንጨዋወት በድንገት «አንተ ብትቀድመኝ እኔ የት እገባለሁ?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ማንንም መበደል አልፈልግም። ረቂቁን ልፈርመው?

ማንንም መበደል የማልፈልግ

ውድ ጠያቂዬ፣

እባክዎ ገና አይፈርሙት። የመረጧቸው ሦስት ወራሾች ላይ ምንም የምለው የለኝም፤ ከደብዳቤዎ እንደማየው ሦስቱንም ከልብ ይወዷቸዋል። የሚያሳስበኝ «የቀረው» የምትለው አንዲት ቃል ናት።

ሰው ሲሞት ንብረቱ የሚከፋፈልበት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዕዳው፣ የሕክምናውና የቀብሩ ወጪ ይከፈላል። ከዚያ በስም ተለይተው የተሰጡ ነገሮች፣ ለምሳሌ ቤቱ፣ ለተባለለት ሰው ይሄዳሉ። ቁርጥ ያለ የገንዘብ መጠን የተጻፈለትም ድርሻውን ይወስዳል። «የቀረው» የተባለለት ሰው ሁሉም ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈውን ያገኛል፤ የተረፈ ከሌለም ምንም አያገኝም። እርስዎ ይህንን የሰልፉን ጫፍ ለባለቤትዎ የሰጧቸው ትልቁን ድርሻ እንዲያገኙ አስበው ይመስለኛል። ዛሬ ቢቆጠር ምናልባት ትልቅ ይሆናል። ኑዛዜ ግን የሚሠራው ዛሬ በተጻፈበት ቀን ባለው ሀብት ላይ ሳይሆን በሚሞቱበት ቀን በሚገኘው ላይ ነው፤ በመሃል የሚመጣ በሽታ፣ ዕዳ ወይም የዋጋ ንረት ሁሉ የሚቀንሰው ደግሞ «የቀረውን» ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ቤቱን ያገኛችሁት ከተጋባችሁ በኋላ ነው? እንዲህ ከሆነ በብዙ አገር ሕግ፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን ቤቱ የሁለታችሁ የጋራ ሀብት ነው። የባንኩ ገንዘብም እንደዚያው። ባለቤትዎ ግማሹን የሚወስዱት ወርሰው ሳይሆን የራሳቸው ስለሆነ ነው። ስለዚህ እርስዎ ሊናዘዙ የሚችሉት በግማሹ ላይ ብቻ ነው። «ቤታችን ለእህቴ ልጅ» ብለው ሲጽፉ የእርስዎ ያልሆነውን ግማሽ አብረው ሰጥተዋል፤ እሱ ግማሽ ሊያልፍለት አይችልም።

እንግዲህ የሁለታችሁ ሀብት በሙሉ 100 እጅ ነው እንበል፤ ቤቱ 60፣ ገንዘቡ 40። የእርስዎ ድርሻ ከቤቱ 30፣ ከገንዘቡ 20 ይሆናል። ለድርጅቱ የጻፉት መጠን 15 ቢሆን፣ በረቂቅዎ መሠረት የእህትዎ ልጅ 30፣ ድርጅቱ 15፣ ባለቤትዎ ደግሞ 5 ያገኛሉ። ይህ ዛሬ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ታመው የጋራ ገንዘባችሁ ከ40 ወደ 20 ቢወርድስ? የእርስዎ ግማሽ 10 ብቻ ይሆናል። ድርጅቱ የተጻፈለት 15 ስለማይሞላ 10ሩን በሙሉ ይወስዳል። የእህትዎ ልጅ 30ውን አይነካም። በእነዚያ ዓመታት አጠገብዎ ሆነው ያስታመሙዎት ባለቤትዎ ግን ከእርስዎ ውርስ ምንም አይደርሳቸውም። እንዲህ እንዲሆን እንዳላሰቡ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ግን የሚለው ይህንን ነው።

የቤቱም ነገር አለ። በረቂቅዎ መሠረት እርስዎ ካለፉ በኋላ ባለቤትዎና የእህትዎ ልጅ የአንድ ቤት የጋራ ባለቤቶች፣ እኩል በእኩል፣ ይሆናሉ ማለት ነው። የጋራ ባለሀብት ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ቤት ደግሞ በቀላሉ ለሁለት ስለማይከፈል መጨረሻው ብዙ ጊዜ ሽያጭ ነው። የእህትዎ ልጅ ይህን እንደማያደርግ ቃል ገብቶልዎታል፤ ቃሉንም አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ቃሉ ከእሱ ጋር ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ነው። እሱ ከባለቤትዎ በፊት ቢሞት ድርሻው የሚያልፈው ቃል ላልገቡ ወራሾቹ ነው። ዕዳ ውስጥ ቢገባ አበዳሪው ስለ እናንተ የቃል ስምምነት አይጠይቅም። ልጁን ካመኑት ቃሉን በጽሑፍ ማስፈር እሱንም ይጠብቀዋል፤ አንድ ቀን ሌሎች ሲጫኑት «ይህ በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም» ማለት ይችላል።

በጽሑፍ የሚሰፍርበት መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ የቤቱን ባለቤትነት (ድርሻዎን ማለት ነው) ለእህትዎ ልጅ ሰጥተው፣ በቤቱ የመኖርና የመጠቀም መብቱን ለባለቤትዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ መስጠት ነው። የሕግ ሰዎች የአላባ መብት ይሉታል። የእህትዎ ልጅ ባለቤት ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤትዎን ሊያስወጣቸው ወይም ቤቱን ከእጃቸው ሊወስድ አይችልም። እሳቸውም ይኖሩበታል፤ ከፈለጉም ያከራዩታል፤ ያንን ድርሻ ግን ለሌላ ሊያወርሱት አይችሉም። ሲያልፉ መብቱ ያበቃል፤ ያ ድርሻ ያለ ተጨማሪ ክርክር ወደ እሱ ይመለሳል።

ይህ መንገድ የሚበላሸው ዝርዝሩ ሲዘለል ነው። ጣሪያው ቢያፈስ የሚያስጠግነው ማን ነው? ግብሩን የሚከፍለውስ? የተለመደው አከፋፈል የዕለት ተዕለት ጥገናና ግብር በተጠቃሚው፣ እንደ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ትልቅ እድሳት በባለቤቱ ላይ እንዲሆን ነው። እርስዎ ግን ይህንን ለልማድ አይተዉት፤ በግልጽ ይጻፉት። ሌላም አለ፤ ባለቤትዎ ደረጃ መውጣት የማይችሉበት ዕድሜ ላይ ቢደርሱ፣ ወይም ከዘመዶቻቸው አጠገብ መሆን ቢፈልጉስ? «ሁለቱ ከተስማሙ ቤቱ ተሽጦ በምትኩ ሌላ ይገዛ፤ የባለቤቴ የመኖር መብትም በአዲሱ ላይ ይቀጥል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካልጨመሩ፣ እሳቸውን ለመጠበቅ የጻፉት አንቀጽ ከማይፈልጉት ቤት ጋር ሊያስራቸው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የቤቱን ድርሻዎን ሙሉ በሙሉ ለባለቤትዎ ሰጥተው ለእህትዎ ልጅ ከገንዘቡ ማካፈል ነው። ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም፤ ይሸጡታል፣ ይለውጡታል፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋቸውም። ጉዳቱ ለልጁ ነው። ብዙ ባሎች «እሷ በበኩሏ ስትሞት ለእሱ ትሰጠዋለች» ብለው ይጽናናሉ። ልብ ይበሉ፣ የእህትዎ ልጅ ለባለቤትዎ የሥጋ ዘመድ አይደለም። ያለ ኑዛዜ ካለፉ የሚወርሷቸው የራሳቸው ወንድሞች፣ እህቶችና የእነዚያ ልጆች ናቸው፤ ያሳደጉት ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል። ኑዛዜ ቢጽፉለትም እንኳ በማናቸውም ቀን ሊለውጡት ይችላሉ።

የባለቤትዎን ዕድሜ አልጻፉልኝም፤ እሱ ግን ለዚህ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። 58 ቢሆኑና 90 ዓመት ቢኖሩ፣ በመጀመሪያው መንገድ የእህትዎ ልጅ የቤቱን ድርሻ በእጁ የሚያገኘው በ63 ዓመቱ ነው። ያን ያህል የሚጠበቅ ስጦታ ለወጣት ሰው ስጦታ ነው ወይስ ሸክም? ይህንን ራሱን ልጁን ቢጠይቁት ደስ ይለኛል። ምናልባት የሚፈልገው ቤቱን ሳይሆን፣ አሁን ሥራ የሚጀምርበት ጥቂት ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ያንን ደግሞ በሕይወትዎ እያሉ፣ ከባለቤትዎ ጋር ተማክረው ሊሰጡት ይችላሉ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ እንደ እናንተ ባለ ቤት፣ ሁለታችሁም ልጁን አሳድጋችሁት፣ እኔ ወደ መጀመሪያው መንገድ አዘነብላለሁ፤ ከላይ ያልኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ከተጨመሩበት። ባለቤትዎ ጣሪያ ያገኛሉ፤ ልጁም ተስፋው በሌላ ሰው ኑዛዜ ላይ አይንጠለጠልም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ለድርጅቱ ቁርጥ ያለ መጠን ከመጻፍ ይልቅ ድርሻ ይጻፉለት። «ዕዳና ወጪ ከተከፈለ በኋላ ከሚገኘው የገንዘብ ድርሻዬ ግማሹ ለባለቤቴ፣ ግማሹ ለድርጅቱ» ቢሉ፣ በምሳሌያችን ገንዘብዎ 20 ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 10፣ በሕመም ወደ 10 ቢወርድ ደግሞ 5 ለ5 ይደርሳቸዋል። ጉድለቱን ሁለቱም ይጋሩታል። እንዲያውም ለባለቤትዎ የሁለት ዓመት የቤት ወጪ የሚሆን መጀመሪያ ተነሥቶ የተረፈው ለሁለት ይከፈል ማለትም ይችላሉ። ይህን ብመርጥ ድርጅቱን እጎዳለሁ ብለው አይጨነቁ፤ በሌላ ሰው ችግር ላይ የቆመ ስጦታ ዓይነ ስውራን ልጆችን የሚያስተምር ሰው የሚፈልገው አይመስለኝም። የድርጅቱን ስም ሰዎች በሚጠሩት ሳይሆን በተመዘገበበት ሙሉ ስም ይጻፉት፤ የምዝገባ ቁጥሩም ይጨመርበት። «ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት» የሚል ስጦታ ተመሳሳይ ስም ባላቸው ሁለት ድርጅቶች መካከል ክርክር ያስነሣል። እርስዎ ከማለፍዎ በፊት ቢዘጋ ድርሻው ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ለየትኛው እንዲሄድም በስም ይጥቀሱ።

ለእህትዎ ልጅም ምትክ ያስፈልጋል። በብዙ ሕጎች ስጦታው የተጻፈለት ሰው ከተናዛዡ ቀድሞ ከሞተ ስጦታው ይቀራል። «እሱ ቀድሞኝ ቢሞት ለልጆቹ፣ ልጆች ከሌሉት ለባለቤቴ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

የሚኖሩበትን አገር አልነገሩኝም፤ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የዚያን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማየት ግድ ነው። አገር ከአገር የሚለያየው ነገር ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ሳይኖር ለሞተ ሰው ወራሽ የሚያደርገው የሥጋ ዘመዶቹን ነው፤ የትዳር ጓደኛ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ይዛ ትወጣለች እንጂ ወራሽ አትባልም። ልጅ ለሌለው ባል ይህ ማለት ያለ ኑዛዜ ቢያልፍ ግማሽ ቤቱ ወደ ወላጆቹ፣ ወላጆች ከሌሉም ወደ ወንድሞቹና እህቶቹ ወይም ወደ እነሱ ልጆች ይሄዳል ማለት ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ልጅ ለሌለው ሰው የትዳር ጓደኛ ሩብ ድርሻ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኑዛዜ ሊነካው አይችልም። በሸሪዓ ሕግ ልጅ የሌለው ባል ሲሞት ሚስት ሩብ ታገኛለች፤ በኑዛዜ ለሌሎች ሊሰጥ የሚችለውም ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ከሚቀረው ሲሶውን አያልፍም። ከእነዚህ በአንዱ የሚተዳደሩ ከሆነ የእኔ ቁጥሮች በዚያው ልክ ይለወጣሉ።

ስለ ምስክሮች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባለቤትዎንም ሆነ የእህትዎን ልጅ ምስክር አያድርጓቸው። በእንግሊዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 በወጣውና እስካሁን በሥራ ላይ ባለው ሕግ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ ነገር ግን ለምስክሩ ወይም ለትዳር ጓደኛው የተሰጠ ስጦታ ይሰረዛል። በኢትዮጵያ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ 2 ይበቃሉ። በራስ እጅ የሚጻፍም አለ፤ ሙሉ በሙሉ በእጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያርፍበታል። ይህኛው በ7 ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ለውል አዋዋይ በአደራ ካልተሰጠ ይፈርሳል። በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ እንደዋዛ የሚፈርስ ኑዛዜ ልቤን ያሳዝነዋል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ። «አንተ ብትቀድመኝ እኔ የት እገባለሁ?» ያሉት በድንገት የመጣ አይመስለኝም። ምናልባት ለብዙ ጊዜ በልባቸው ይዘውት ቆይተው ይሆናል። ለምን እንዳልነገሯቸው ራስዎን ጠይቀው ያውቃሉ? ያዝኑብኛል ብለው ነው? ወይስ ልጅ ስላልወለዳችሁ ሁለታችሁም የማትነኩት ቁስል አለ? ሁለተኛው ከሆነ ስለ ቤቱ ከመናገርዎ በፊት እሱን ቢናገሩት ይሻላል ብዬ አስባለሁ። «ያን ቀን ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት መልሱን ስላላሰብኩበት ነው፤ አሁን አብረን እናስብበት» ብለው ቢጀምሩ ይበቃል።

ከዚያ ረቂቁን ሳይሆን ባዶ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። ያላችሁን ሁሉ አንድ ላይ ይጻፉ፤ ቤቱን፣ ገንዘቡን፣ ዕዳ ካለ ዕዳውን። የጡረታና የሕይወት መድን ሰነድ ካለ እነዚያ ላይ የተመዘገበው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ በኑዛዜው ሳይሆን በሰነዱ ላይ በተጻፈው ስም ይከፈላሉ፤ ከ29 ዓመት በፊት የተጻፈ ስም እስካሁን ተቀምጦ ሊያገኙ ይችላሉ። ከዚያ ሁለቱን የቤት መንገዶች አስረድተዋቸው የትኛው እንቅልፍ እንደሚሰጣቸው ይጠይቋቸው። መልሳቸው የእኔን ምርጫ የሚቃረን ከሆነ የሳቸውን ይያዙ፤ በዚያ ቤት የሚኖሩት እሳቸው ናቸው።

ውርስ አጣሪም አብራችሁ ምረጡ። ዕዳ የሚከፍለው፣ ድርሻ የሚያደርሰው ሰው እሱ ነው። ሦስቱ ወራሾች የሚያምኑት፣ ከሦስቱ ግን አንዱ ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል።

ጠበቃው ዘንድ ስትሄዱም ሁለታችሁም ሂዱ፤ በዚያው ቀን ባለቤትዎም የራሳቸውን ኑዛዜ ይጻፉ። እስካሁን ያወራነው እርስዎ እንደሚቀድሙ አድርገን ነው። እሳቸው ቢቀድሙ ግን፣ እንደ አገሩ ሕግ፣ የቤቱ ግማሽ ወደ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ሊያልፍ ይችላል። ያኔ «እኔ የት እገባለሁ?» የሚለው ጥያቄ የእርስዎ ይሆናል።

አማካሪዎ